የሐዘን ፈቃድ፦ ሦስቱ ቀን የሕግ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የድርጅቱ

በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ዘመድ ሲሞትበት የሚያገኘው ፈቃድ በአለቃው ደግነት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 ላይ፣ «ለቤተሰብ ጉዳይ የሚሰጥ ፈቃድ» በሚባለው ሥር ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ሦስት የሥራ ቀን፣ ደመወዙ ሳይነካ። ይህን የሚቀንስ የቅጥር ውል ወይም የሥራ ደንብ ቢኖር በዚህ ጉዳይ አይሠራም፤ ውል ሕጉ ከሚሰጠው በታች ሊወርድ አይችልም። ከፍ ማድረግ ግን ይችላል፤ የብዙ ኅብረት ስምምነቶች ጥቅምም እዚሁ ላይ ነው።

«ድሮም የሐዘን ፈቃድ የሚባል ሕግ የለም፣ ፖሊሲ ነው» የሚል ምክር ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ምንጩ አሜሪካ ነው። እዚያ የፌዴራሉ ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሐዘን ፈቃድ አያስገድድም፤ ነገሩ የሚወሰነው በክፍለ ግዛቱ ሕግና በድርጅቱ ፖሊሲ ነው። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ እስከ አምስት ቀን እንዲፈቅድ ታስገድዳለች፤ ቀኑ ይከፈልበት አይከፈልበት ግን ለፖሊሲው ተትቷል። ዘመድ ከዚያ ሆኖ የሚልከውን ምክር ለአዲስ አበባ ወይም ለሐዋሳ መጠቀም አይቻልም። እዚህ የምንናገረው ኢትዮጵያ ውስጥ በግል ድርጅት ስለሚሠራ ሰው ነው።

ማን ሲሞት ነው?

ጭቅጭቁ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። አዋጁ የሚያነሳቸው የትዳር ጓደኛን፣ ወላጆችን ወደ ላይ፣ ተወላጆችን ወደ ታች፣ ከዚያም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድን ነው። አባት፣ እናትና ልጅ ላይ ማንም አይከራከርም። አያትም እንደዚሁ። ጥያቄ የሚነሳው ወደ ጎን ስንሄድ ነው።

በብዙ የሰው ሀብት ክፍሎች የሚሠራበት አቆጣጠር ይህ ነው፦ ከራስ ተነስቶ ወደ ጋራ ወላጅ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሟቹ ይወረዳል፣ እያንዳንዱ ትውልድ አንድ ደረጃ ሆኖ ይቆጠራል። እህት ከሆነች ወደ እናት አንድ፣ ከእናት ወደ እህት ሁለት። ስለዚህ እህትና ወንድም በሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙትም ጭምር። አጎት ከሆነ ግን ወደ እናት አንድ፣ ወደ አያት ሁለት፣ ከአያት ወደ አጎት ሦስት ይሆናል። በዚህ አቆጣጠር አጎት፣ አክስት፣ የወንድም ልጅና የእህት ልጅ ከመስመሩ ውጭ ይወድቃሉ። የአጎት ልጅ ደግሞ አራተኛ ደረጃ ላይ ነው።

ይህ ለሀገራችን ሰው ይከብዳል። አጎት ያሳደገው ሰው ስንት ነው! የሚያዋጣው መንገድ ግን ስለ ደረጃ መከራከር ሳይሆን የኅብረት ስምምነቱን ወይም የሥራ ደንቡን መግለጥ ነው። ይህን ክፍተት ስለሚያውቁት ብዙ የሠራተኛ ማኅበራት አጎትና አክስትን በስም አስጽፈዋል፤ አንዳንዱ አንድ ቀን፣ አንዳንዱ ሙሉውን ሦስት ቀን ይሰጣል። በስም ከተጻፈ ደረጃ መቁጠር አያስፈልግም። ካልተጻፈ ከዚህ በታች የማነሳው ያለ ክፍያ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ይቀራሉ።

በጋብቻ በኩል ሰዉ መብቱን የሚያውቀው ያነሰ ነው። የሚስት ወይም የባል ወላጆች፣ ማለትም አማቶች፣ አንደኛ ደረጃ ናቸው። የባለቤት እህትና ወንድም፣ ዋርሳን ጨምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። የእህት ባልና የወንድም ሚስትም እንዲሁ። «አማት ለሐዘን ፈቃድ አትቆጠርም» ብሎ የሚመልስ ኃላፊ ካጋጠማችሁ፣ አንቀጽ 81 የጋብቻ ዘመድን በግልጽ እንደሚያነሳ አሳዩት። የሚስት እህት ባል ግን ውጭ ነው፤ ክርስትና አባትና አበልጅም እንደዚያው። በጉዲፈቻ ያለ ልጅ በቤተሰብ ሕጉ እንደ ወለዱት ልጅ ስለሚቆጠር በእሱ ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም።

ቀኑ ከየት ይቆጠራል?

አዋጁ የሚለው የሥራ ቀን ነው። የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል በመሃል ቢገቡ ከሦስቱ አይቀነሱም። ሰኞ እስከ ዓርብ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ሐሙስ የጀመረ ፈቃድ ሐሙስ፣ ዓርብና ሰኞ ነው።

የሚያስቸግረው መርዶ ነው። ሟቹ ሩቅ ሀገር ካለ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ እስኪረዳ ድረስ ሁለትና ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት ያልፋል። አንዳንድ ኃላፊ የሞት ማስረጃውን አይቶ «የሞተው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ቀኑ አልፏል» ይላል። አዋጁ ፈቃዱ ከሞቱ ሰዓት ጀምሮ ይቃጠላል የሚል ነገር የለውም፤ ዓላማው ሠራተኛው እንዲያዝንና ለቅሶ እንዲደርስ ነው፣ ያልሰማውን ሞት ደግሞ ማንም አያለቅስም። በአብዛኛው መሥሪያ ቤትም የሚቆጠረው ከተረዳበት ቀን ነው። ጥንቃቄው ማመልከቻ ላይ ሁለቱንም ቀን መጻፍ ነው፤ የሞተበትንም የተረዳሁበትንም። አንዱ ብቻ ተጽፎ በኋላ ማስረጃው ሌላ ቀን ሲያሳይ «ዋሽቷል» የሚል ነገር ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ አድካሚ ነው።

መርዶው ሥራ ላይ እያላችሁ ከደረሰ የዚያ ቀን ቀሪ ሰዓት ከሦስቱ ጋር እንዲቆጠር አትፍቀዱ። የተለመደው የዕለቱን በቅርብ አለቃ ፈቃድ መውጣትና ቆጠራውን ከማግሥቱ መጀመር ነው። ይህም በጽሑፍ ይሁን፤ «ፈቃዴ ከዓርብ ጀምሮ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሠልስትና ሰባት ከሦስቱ ቀን ጋር በተወሰነ ደረጃ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። የአርባ ተዝካር ግን በአንቀጽ 81 አይሸፈንም፣ ለሱ የዓመት ፈቃድ ይጠየቃል። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትጠብቀው የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳም በአዋጁ ውስጥ የለም። እዚህ ላይ በእርግጥ ፖሊሲ ብቻ ነው፤ ድርጅቱ ካልፈቀደ ያለው አማራጭ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድን አውጥቶ የቀረውን በስምምነት መጨረስ ነው።

ሦስቱ ቀን ሲያልቅ

እዚያው አንቀጽ 81 ላይ ሠራተኛው ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲገጥመው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ገደቡ በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ይህን ድንጋጌ ብዙ ሠራተኛ አያውቀውም፣ አሠሪውም አያስታውሰውም። አጎት ለሞተበት ወይም ለቅሶው ሩቅ ሀገር ለሆነ ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ፦ ቀኖቹ ተከታታይ ናቸው፣ ሁለት እዚህ ሦስት እዚያ ተብለው አይበታተኑም። ከአምስት ያነሰ ወስዳችሁም አንዱን ዙር ተጠቅማችኋል።

ደመወዝ እንዳይቀነስ የሚፈልግ ሰው በዚህ ፋንታ የዓመት ፈቃዱን መጠየቅ ይችላል። በአዋጁ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ተጨማሪ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ልዩነቱን እወቁ፤ የዓመት ፈቃድ መቼ እንደሚወጣ አሠሪው በፕሮግራም ይወስናል፣ ስለዚህ «አሁን አይሆንም» ሊል ይችላል። ሦስቱን የሐዘን ቀን ግን «ሥራ በዝቷል» ብሎ መከልከል አይችልም። ሦስቱን ቀን በራሱ ሥልጣን ከዓመት ፈቃዳችሁ ላይ መቀነስም አይችልም። ይህ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት ነው፤ ቅጹ ላይ «የዓመት ፈቃድ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎ ሲመጣ ሰው ሐዘን ላይ ስለሆነ ሳያየው ይፈርማል። ከመፈረማችሁ በፊት የፈቃዱን ዓይነት አንብቡ።

ሐዘኑ ጤና ካወከ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን የሳተ፣ ደም ግፊቱ የተነሳበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሕመም ፈቃድ ማምጣት መብቱ ነው፤ የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ መሆን አለበት፣ ማስረጃውም ከታወቀ የሕክምና ተቋም መምጣት አለበት፣ ለአሠሪውም በቀሩበት ማግሥት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር

ቃሊቲ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሠራተኛ እናስብ። ሳምንቱን ስድስት ቀን ይሠራል፣ እሁድ ዕረፍቱ ነው። የወር ደመወዙ 9,360 ብር ነው። የሚስቱ እናት ደሴ ረቡዕ ዕለት አረፉ፤ እሱ የተረዳው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ነው። ለፎርማኑ ተናግሮ ወጣ።

ፈቃዱ ዓርብ፣ ቅዳሜና ሰኞ ነው። እሁድ አይቆጠርም። ማክሰኞ መመለስ ነበረበት፤ ሰዉ እስኪሸኝ መቆየት ስላለበት ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስን ያለ ክፍያ ጠየቀ፣ ዓርብ ሥራ ገባ። ድርጅቱ የቀን ደመወዝ የሚያወጣው ለ26 በማካፈል ከሆነ 360 ብር ይመጣል። የሚቀነስበት የሦስት ቀን፣ ማለትም 1,080 ብር ብቻ ነው።

ወር መጨረሻ ላይ ግን 2,160 ብር ተቀንሶ ሊያገኘው ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሰዓት ተቆጣጣሪው ስድስቱንም ቀን «ቀሪ» ብሎ ሞልቶ ለደመወዝ ክፍል ይልካል፣ የፈቃድ ቅጹ ደግሞ በሰው ሀብት ክፍል መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱ ወረቀቶች አልተገናኙም። የደመወዝ መክፈያው ላይ የተቀነሰውን ለቀን ደመወዙ ስታካፍሉ ስድስት ከመጣ ችግሩ ይህ ነው። ሌላው ስህተት የአካፋዩ ነው፦ ለ26 የሚያካፍል ድርጅት የሚቀንሰው የሥራ ቀን ብቻ መሆን አለበት። ለ26 አካፍሎ እሁድንም ጨምሮ የሚቀንስ ከሆነ ከሠራተኛው ላይ ሁለት ጊዜ ወስዷል። ለ30 የሚያካፍል ድርጅት ቀኑን 312 ብር ያወጣል፤ የትኛውም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ስሌት መያዝ አለበት።

ሳይቀሩ ለሠሩ የሚሰጥ ወርኃዊ ጉርሻ ያላቸው ፋብሪካዎች ሌላ ነገር ያመጣሉ። ደመወዙን ከፍለው ጉርሻውን በሦስቱ የሐዘን ቀን ምክንያት ይከለክላሉ። ጉርሻው የሚተዳደረው በድርጅቱ መመሪያ ስለሆነ መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ። «ያለ ፈቃድ የቀረ» የሚል ከሆነ በሕግ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው አይነካም፤ «በማንኛውም ምክንያት የቀረ» የሚል ከሆነ በማኅበሩ በኩል ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ ነው። በእኔ እምነት ሕግ በፈቀደው ቀን ሰውን መቅጣት ነው፣ ግን ከደመወዝ ቅነሳው ጋር አንድ ላይ አትክሰሱት፤ ደመወዙ ግልጽ ነው፣ ጉርሻው አከራካሪ ነው።

ወረቀቱ

ፈቃድ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ሲጠየቅ ማስረጃ እንዲያቀርብ አዋጁ ይጠይቃል። ሞት ቀጠሮ ስለሌለው በተግባር ማሳወቅ ማለት በስልክ ደውሎ ወዲያው አጭር መልእክት ወይም ቴሌግራም መላክ ነው። ስልኩ ማስረጃ አይተውም፣ መልእክቱ ይተዋል። ሲመለሱ የሚገባው ማመልከቻ ይህን ያህል ይበቃል፦

«የባለቤቴ እናት ወ/ሮ ... በ... ቀን ደሴ ከተማ ያረፉ ሲሆን፣ እኔ የተረዳሁት በ... ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 መሠረት ከ... እስከ ... ድረስ ሦስት የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር፣ እንዲሁም ከ... እስከ ... ሦስት ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲያዝልኝ አመለክታለሁ። ማስረጃ አያይዣለሁ።»

በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይደረግበትና እናንተ ዘንድ ይቅር።

ማስረጃው ሁለት ነገር ማሳየት አለበት፦ ሰውየው መሞቱንና ዘመዳችሁ መሆኑን። የወሳኝ ኩነት የሞት የምስክር ወረቀት የመጀመሪያውን ያሳያል፣ ሁለተኛውን ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም፤ በእኛ አጠራር የእናት ስም ከልጇ ስም ጋር አይገናኝም፣ የአማት ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ማህተም ያለው የእድር ደብዳቤ በብዙ መሥሪያ ቤት ተቀባይነት አለው፤ «የአባላችን የአቶ ... ባለቤት እናት» ብሎ ዝምድናውን ስለሚጽፍ። ቀብሩ የተፈጸመበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሰጠው ወረቀትም ይሠራል። የሥራ ደንቡ የወሳኝ ኩነት ወረቀት ብቻ የሚል ከሆነ ጊዜ ጠይቁ፤ ክፍለ ሀገር ያለ ወረዳ በሦስት ቀን ላያወጣው ይችላል።

ይህን ሁሉ የሚያቀለው ገና ሲቀጠሩ የሚሞላው የቤተሰብ ሁኔታ ቅጽ ነው። የወላጅ፣ የእህት ወንድም፣ የባለቤትና የአማት ስም በግል ማህደር ውስጥ ካለ ዝምድናው ያኔውኑ ይታወቃል። የሰው ሀብት ሠራተኞች ማስረጃ ላይ ጥብቅ የሚሉት ክፉ ሆነው አይደለም፤ አንዲት አያት በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲቀበሩ ያዩ ናቸው።

ሳያሳውቁ መቆየት ግን አደገኛ ነው። አዋጁ በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት የሥራ ቀን የቀረን ሠራተኛ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ከሆነና የቀረበት ቀን ከአዋጁ ፈቃዶች በአንዱ የማይመደብ ከሆነ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይፈቅዳል። አምስቱ ቀን ተከታታይ መሆን የለበትም። የሐዘኑ ሦስት ቀንና በአግባቡ የተጠየቀው ያለ ክፍያ ፈቃድ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ከዚያ በላይ በዝምታ የተጨመረው ቀን ግን ይገባል።

አዋጁ የማይደርስባቸው

በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ይሸፈናል፤ «ገና ቋሚ አልሆንክም» የሚባለው ለሐዘን ፈቃድ አይሠራም። በኤጀንሲ በኩል የሚሠሩ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችም ይሸፈናሉ፣ ማመልከቻው የሚገባው ግን ለቀጠራቸው ኤጀንሲ ነው፤ የሚሠሩበትን ቦታ አለቃ ብቻ አስፈቅዶ መሄድ በኋላ ያስቆጫል።

የማይሸፈኑት የሥራ መሪዎች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው ሦስት ቀን የሚለውን ትቶ መሥሪያ ቤቱ በሥራ ላይ ያለውን የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይጠይቅ። የሥራ መሪና የቤት ሠራተኛ ግን በእርግጥም በውልና በፖሊሲ ላይ ያሉ ናቸው። «ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ብቻውን ሰውን የሥራ መሪ አያደርገውም፤ የሚታየው ፖሊሲ የማውጣት፣ የመቅጠርና የማሰናበት የመሰለ ሥልጣን መኖሩ ነው። የሥራ መሪ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ውሉ ላይ የሐዘን ፈቃድ አንቀጽ ከሌለ ከመፈረሙ በፊት ያስገባ።

ሲከለከሉ

መጀመሪያ ከቅርብ አለቃ ወደ ሰው ሀብት፣ በጽሑፍ። ማኅበር ካለ የማኅበሩ ሊቀመንበር ዘንድ በቅጂ። ብዙው እዚህ ያልቃል፤ የአንቀጹ ቁጥር ደብዳቤው ላይ ሲታይ ነገሩ ከልመና ወደ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ይለወጣል። ካልሆነ በሥራና ክህሎት ቢሮ ወይም በክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል ማመልከት ይቻላል። ተቆጣጣሪው ድርጅቱን ጠርቶ ያናግራል፣ የደመወዝ መዝገብም ያያል። ከዚያ የሚቀረው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው።

ጊዜው እንዳያመልጥ። ያለ አግባብ የተቀነሰ ደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይታገዳል። በዚህ ሰበብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራ መመለስ ከፈለገ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው። ይዞ የሚሄደው የተፈረመበት የማመልከቻ ቅጂ፣ የላከው መልእክት፣ የእድሩ ደብዳቤና ቅናሹን የሚያሳየው የደመወዝ መክፈያ ነው።